ከ3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ የአባትሽን 7 ደቂቃ ብቻ ማውረድ

ጥያቄ፦ «አባቴ ደሴ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ ስለ ከተማው የድሮ ሰፈሮች የተናገረው ዩቲዩብ ላይ አለ። ቪዲዮው 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው፤ እሱ የሚናገረው ከ1:47:20 እስከ 1:54:05 ብቻ ነው። ሙሉውን ላውርድ ስል 1.4 ጊጋባይት ይላል፤ ዳታዬ አይበቃም። አንድ ልጅ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ግን መጀመሪያው ላይ ምስሉ ቆሞ ድምፁ ብቻ ይሄዳል፣ ሰላምታውም ግማሹ የለም። የቻናሉ ባለቤት ውሰጂ ብሎ ፈቅዶልኛል። እናቴ ሐይቅ ነው ያለችው፣ ኢንተርኔት የላትም። በፍላሽ ወስጄ ቴሌቪዥን ላይ ላሳያት እፈልጋለሁ። ላፕቶፕ አለኝ። እንዴት ላድርግ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ይቻላል። ከ1.4 ጊጋባይት ይልቅ ወደ 46 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚፈጅብሽ። ፈቃድ መጠየቅሽም ጥሩ ነው። ዩቲዩብ ራሱ ከፈቀደው መንገድ ውጭ ማውረድን በደንቡ ይከለክላል፤ የባለቤቱ እሺታ ደንቡን ባይሽረውም ሥራው የእሱ ስለሆነ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ የሠርግና የምረቃ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግሁ ነው የምተዳደረው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ልጁ የሰጠሽ ቁራጭ የተበላሸበት ምክንያት ስለሚታወቅ ከእሱ ልጀምር፤ እሱን ከተረዳሽ ቀሪው ቀላል ነው።

ቪዲዮ በየትኛውም ቦታ ላይ በመቀስ እንደሚቆረጥ ጨርቅ አይደለም። በየሴኮንዱ 25 ወይም 30 ምስል ያልፋል። እነዚህ ሁሉ ሙሉ ምስል ሆነው ቢቀመጡ ፋይሉ እጅግ ይገዝፍ ነበር። ስለዚህ አልፎ አልፎ አንድ ምስል ብቻ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፤ ባለሙያው ኪፍሬም ይለዋል። ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ግን «ከፊተኛው ይህ ይህ ተለወጠ» የሚል መረጃ ብቻ ነው የያዙት። አባትሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲናገሩ ከበስተጀርባቸው ያለው ግድግዳ አይለወጥም፤ የሚለወጠው አፋቸውና እጃቸው ነው፣ የሚመዘገበውም እሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ በሁለት ኪፍሬም መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሴኮንድ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ሰው ልክ 1:47:20 ላይ ቆርጦ፣ ቪዲዮውን እንደገና ሳይሠራ እንዳለ ቢገለብጠው ምን ይሆናል? በዚያ ቅጽበት ያለው ምስል የለውጥ መረጃ ብቻ ነው፤ የሚለወጠው ሙሉ ምስል ደግሞ ከመቁረጫው በፊት ቀርቷል። ስለዚህ ማጫወቻው የሚያሳየው ስላጣ ቀጣዩ ኪፍሬም እስኪመጣ ጥቁር ወይም የቆመ ምስል ያሳያል። ድምፅ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ከማንኛውም ቦታ ላይ በቀላሉ ይቆረጣል። ያየሽው ይኸው ነው፤ ምስሉ ቆሞ ድምፁ ይሄዳል።

የሰላምታው መበላት ግን ከሌላ ምክንያት የመጣ ይመስለኛል። ሰው የሚሰማውን ሰዓት የሚያነበው ከሰማ በኋላ ነው። «አሁን ጀመሩ» ብለሽ ዓይንሽን ወደ ቁጥሩ ስታነሺ ግማሽ ሴኮንድ ወይም አንድ ሴኮንድ ሙሉ አልፏል። ዩቲዩብ ደግሞ የሚያሳየው ሙሉ ሴኮንድ ብቻ ነው፤ የሴኮንድ ክፍልፋይ አያሳይም። 1:47:20 ብለሽ የጻፍሽው በእውነት 1:47:19 ሊሆን ይችላል፤ ሰላምታ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ያልቃል።

ሁለቱንም ችግር የሚፈታው አንድ ልማድ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ልክ በለካው ላይ አይቆርጥም፤ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ይተዋል፣ ልኩን የሚያወጣው በኋላ ነው። አንቺም ከኢንተርኔት ስታወርጂ በሁለቱም በኩል 15 ሴኮንድ ትርፍ ውሰጂ፤ ልክ የሆነውን ቦታ ላፕቶፕሽ ላይ ካስገባሽው በኋላ ቁረጪ። 15 ሴኮንድ በዚህ ጥራት አንድ ሜጋባይት ተኩል ገደማ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ ደግሞ አሥር ጊዜ ብትሳሳቺ ምንም ዳታ አይፈጅብሽም።

የሚያስፈልጉሽ ፕሮግራሞች

ለዚህ ሥራ የማምነው yt-dlp እና ffmpeg የሚባሉትን ነው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የመጀመሪያው ከዩቲዩብ ጋር ይነጋገራል፣ ሁለተኛው ይቆርጣል። ለዩቲዩብ አሁን Deno የሚባል ሦስተኛ ፕሮግራምም ያስፈልጋል፤ ያለእሱ yt-dlp ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ከሚያሳይሽ የጥራት ዝርዝር ውስጥም አንዳንዶቹ ይጠፋሉ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቺ፤ የስታርት ቁልፍን ተጭነሽ `cmd` ብለሽ ጽፈሽ ኢንተር ማለት ነው። ከዚያ እነዚህን አንድ በአንድ አስገቢ፦

```
winget install yt-dlp.yt-dlp
winget install Gyan.FFmpeg
winget install DenoLand.Deno
```

እዚህ ላይ ግን አስቢበት። የሦስቱ ጭነት ተደምሮ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ይፈጃል። ቢሮ ወይም ዘመድ ቤት ዋይፋይ ካለ ላፕቶፑን ይዘሽ እዚያ ጫኚ። አንድ ጊዜ ከተጫነ ለሌላ ቪዲዮም ያገለግልሻል። ሲያልቅ መስኮቱን ዝጊና እንደ አዲስ ክፈቺው፤ አዲስ የተጫነውን ፕሮግራም የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ «አይታወቅም» የሚል መልእክት ያይና ጭነቱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ከዚያ በዴስክቶፕሽ ላይ አንድ ማኅደር አዘጋጂ፤ ማኅደሩን ክፈቺና ከላይ የቦታው ስም በሚጻፍበት አሞሌ ላይ `cmd` ብለሽ ኢንተር በዪ። መስኮቱ እዚያው ማኅደር ውስጥ ይከፈታል፤ የሚወርደውም እዚያው ይቀመጣል።

ማውረዱ

ትእዛዙ ይህ ነው። `LINK` ባለበት ቦታ የቪዲዮውን ሊንክ አስገቢ፤ ትእምርተ ጥቅሶቹን ግን አትንኪያቸው።

```
yt-dlp -f "bv*[vcodec^=avc1][height<=480]+ba[ext=m4a]" --download-sections "*1:47:05-1:54:20" -o "sefi.%(ext)s" "LINK"
```

ሦስት ነገር ላብራራልሽ፤ አንዱ እንኳ ከተሳተ ውጤቱ ሌላ ነው የሚሆነው።

ኮከቡ የግድ ነው። yt-dlp ከኮከብ በኋላ የመጣውን እንደ ሰዓት ያነበዋል፤ ኮከቡ ከሌለ የምዕራፍ ስም የጻፍሽ ይመስለውና በቪዲዮው ምዕራፎች ውስጥ ይፈልጋል። ሰዓቱንም ሁልጊዜ በሦስት ክፍል ጻፊው፤ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድ። እኛ በንግግር «ከአንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት ጀምሮ» ስለምንል 1:47 ብሎ መተው ይቀለናል። ለፕሮግራሙ ግን 1:47 ማለት አንድ ደቂቃ ከ47 ሴኮንድ ነው። «1:47-1:54» ብለሽ ከጻፍሽ ከቪዲዮው መግቢያ ላይ 7 ሴኮንድ ይሰጥሻል፤ ምናልባት የመድረክ መሪው ማይክ ሲሞክር።

`-f` ቀጥሎ ያለው ረጅም ቃል የእናትሽን ቴሌቪዥን የሚመለከት ነው። ዩቲዩብ አንዱን ቪዲዮ በተለያየ አሠራር ነው የሚያስቀምጠው፤ ያለ ምርጫ ካወረድሽ ብዙ ጊዜ ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 የሚባለው ይመጣል። እነዚህ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታሉ፤ በፍላሽ የተሰካበት ቴሌቪዥን ላይ ግን፣ በተለይ ቆየት ካለ፣ ድምፁ ብቻ ይመጣል ወይም «ፎርማቱ አይደገፍም» ይላል። `avc1` ማለት ኤች264 የሚባለው ነው፤ ኤምፒ4 የሚከፍት ቴሌቪዥን ሁሉ ማለት ይቻላል ያውቀዋል። ቁመቱን 480 ላይ የገደብኩት ደግሞ ሰው ተቀምጦ ሲናገር ለማየት ስለሚበቃ ነው። ጽሑፍ ወይም ካርታ የሚነበብበት ቢሆን 720 እል ነበር።

ትእምርተ ጥቅሶቹን አትንኪ ያልኩሽ፣ የዩቲዩብ ሊንክ ብዙ ጊዜ `&` የሚል ምልክት ስላለበት ነው። ዊንዶውስ ያንን ምልክት ሲያይ ትእዛዙ ያለቀ ይመስለውና ቀሪውን እንደ ሌላ ትእዛዝ ይወስደዋል። `<` የሚለውን ደግሞ «ከፋይል አንብብ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል።

የ46 ሜጋባይቱ ስሌት ይኸውልሽ። 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ማለት 222 ደቂቃ ነው። 1,400 ሜጋባይት ለ222 ሲካፈል በደቂቃ 6.3 ሜጋባይት ገደማ ይወጣል። ከትርፉ ጋር የምታወርጂው 7 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ነው፤ ወደ 46 ሜጋባይት ማለት ነው። የተባለልሽ 1.4 ጊጋባይት የከፍተኛ ጥራቱ መጠን ከነበረ በ480 ከዚህም ያነሰ ይሆናል። ከማውረድሽ በፊት ለማየት `yt-dlp -F "LINK"` ብትዪ የእያንዳንዱን ጥራት መጠን ይዘረዝርልሻል፤ የሙሉውን ቪዲዮ መጠን ነው የሚያሳይሽ፤ የቁራጭሽን በዚያው ስሌት ታገኚዋለሽ።

ማውረዱ ሲጀምር የተለመደው የመቶኛ መስመር ላይታይሽ ይችላል። እንዲህ የሚመስል ነው የምታዪው፤ `time=00:01:12.40` እና መጨረሻው ላይ `speed=1.2x`። `time` እያደገ ከሄደ ሥራው እየሄደ ነው። ፍጥነቱ ወደ 1 ቢጠጋ አትደንግጪ፤ ሰባት ደቂቃውን ለማውረድ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል ማለት ነው፣ ኔትወርኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አንድ ጉድለት አለው፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂው። ሙሉ ቪዲዮ ስታወርጂ መሐል ላይ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። በሰዓት የተቆረጠ ክፍል ግን ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ በሚጠፋበት ቤት ይህ ዋጋ ያስከፍላል። ለ46 ሜጋባይት ብዙ አይጎዳም። አንድ ሰዓት የሚሞላ ክፍል ቢሆን ኖሮ ግን በአሥር በአሥር ደቂቃ ከፋፍለሽ አውርጂ፣ ለእያንዳንዱም የተለያየ የፋይል ስም ስጪ እልሽ ነበር፤ ስሙ አንድ ከሆነ ሁለተኛውን «ቀድሞ ወርዷል» ብሎ ሊዘለው ይችላል።

`HTTP Error 403: Forbidden` የሚል ካየሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የትእዛዝሽ አይደለም። ዩቲዩብ አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል፤ ወራት ያስቆጠረ yt-dlp ይሸነፋል። `winget upgrade yt-dlp.yt-dlp` ብለሽ አድሺና እንደገና ሞክሪ።

ለምን በሌላ መንገድ አትሄጂም

በየመድረኩ የምታገኚው አሮጌ ምክር ከዚህ የተለየ ነው፤ የቪዲዮውን ውስጠኛ አድራሻ አውጥተሽ በቀጥታ ለ ffmpeg ስጪው ይላል። በሰዓት ከፍሎ የማውረዱ አማራጭ yt-dlp ላይ የመጣው በ2022 (እንደ ፈረንጆች) ስለሆነ ከዚያ በፊት ሌላ መንገድ አልነበረም። እሱም ቢሆን ይሠራል፤ ግን አንዲት ወጥመድ አለችበት፣ እኔንም አግኝታኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ የልጁ ስም ሲጠራ የሚታይበትን ከአንድ ረጅም የምረቃ ቪዲዮ ውስጥ እንዳወጣለት ለመነኝ። እኔም መነሻ ሰዓቱን የሚነግረውን `-ss` ከ`-i` በኋላ ጻፍኩት። የወጣው ፋይል 20 ሜጋባይት ነበር፤ ምስሉም ያማረ። ቀሪ ዳታዬን ሳይ ግን ጥቅሉ አልቋል። የሆነው እንዲህ ነው፦ `-ss` ከ`-i` በፊት ከተጻፈ ፕሮግራሙ በቀጥታ ወደዚያ ሰዓት ይዘላል፤ አገልጋዩን «ከዚህ ባይት ጀምሮ ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። በኋላ ከተጻፈ ግን ከቪዲዮው መጀመሪያ ጀምሮ ሁሉንም ያወርድና ያልተፈለገውን እዚያው ይጥለዋል። ውጤቱ ትንሽ ፋይል ስለሆነ ሰው አያስተውለውም፤ ዳታው ግን ሄዷል። ደንበኛዬ ያን ቀን የከፈለኝ የእኔን ኪሳራ አልሸፈነም፤ ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት አድራሻ ላይ ስሠራ ያችን ቃል ቦታዋን ሳላይ ኢንተር አልጫንም።

ተመሳሳይ ነገር የቪዲዮው አገልጋይ ከመሐል መስጠትን የማይፈቅድ ሲሆንም ይከሰታል፤ ዩቲዩብ ግን ይፈቅዳል። ከሌላ ድረ ገጽ የሚወርድ ቀጥተኛ የኤምፒ4 ሊንክ ቢገጥምሽ በመጀመሪያ `curl -I "LINK"` ብለሽ `Accept-Ranges: bytes` የሚል መስመር ይኖር እንደሆነ እዪ። ከሌለ ሰባት ደቂቃ ለማግኘት ሙሉውን ልትከፍዪ ትችያለሽ።

ዩቲዩብ ራሱ ያለው «ክሊፕ» የሚባለው ለዚህ አይሆንሽም፤ ከ5 እስከ 60 ሴኮንድ ብቻ ነው፣ የሚሰጥሽም ሊንክ እንጂ ፋይል አይደለም። «እዚህ ለጥፉ፣ እንቆርጥላችኋለን» የሚሉ ድረ ገጾችን ደግሞ አልመክርም። ማስታወቂያቸው ብዙ ነው፣ የሚያስወርዱሽ ምን እንደሆነም አይታወቅም፤ ልጁ የሰጠሽ ዓይነት የቆመ ምስል ደግሞ ከእነሱም ይወጣል።

`--force-keyframes-at-cuts` የሚል አማራጭም ታገኚ ይሆናል። እያወረደ ሳለ ልክ በጠቀስሽው ሰዓት ላይ ይቆርጣል፤ እውነት ነው። ግን ሰዓቱን ራሱ ከላይ እንዳልኩት በግምት ነው የያዝሽው። ልክ ያልሆነን ሰዓት በልክ መቁረጥ ሰላምታውን አይመልስልሽም፤ ስህተቱን ለማረም ደግሞ እንደገና ማውረድ ሊኖርብሽ ነው።

ላፕቶፕሽ ላይ በልኩ መቁረጥ

አሁን `sefi.mp4` የሚል ፋይል አለሽ። ኢንተርኔቱን አጥፊው፤ ከዚህ በኋላ አያስፈልግም። ፋይሉን በቪኤልሲ ክፈቺ። መጀመሪያው ላይ ምስሉ ለአፍታ ቢቆም ወይም ጥቁር ቢሆን ግድ የለም፤ ያ ትርፉ ነው፣ ይጣላል።

በስሌት አትሂጂ። «ከ1:47:05 ነው ያወረድኩት፣ እሳቸው 1:47:20 ላይ ነው የጀመሩት፣ ስለዚህ 15ኛው ሴኮንድ ላይ ናቸው» ማለት ያሳስታል፤ ምስሉ የሚጀምረው ቀድሞ ካለው ኪፍሬም ስለሆነ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ሊጨመርበት ይችላል። ጆሮሽንና ዓይንሽን እመኚ። ቪኤልሲ ላይ `E` የሚለውን ፊደል ስትጫኚ ምስሉ አንድ በአንድ ይሄዳል፤ አባትሽ ለመናገር ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ እስክታገኚ ደጋግመሽ እዪው። ከንግግሩ ቀድሞ ያለችውን ትንፋሽ አትቁረጫት። ያ ትንፋሽ ከሌለ ሰውየው በድንገት እየጮኹ የገቡ ይመስላሉ፤ ካለ ግን ቃላቸውን ጀምረው እስኪጨርሱ አብሮ የተቀመጠ ያህል ነው የሚሰማው።

እንበልና ሰላምታው 17.2 ሴኮንድ ላይ ተጀመረ። ግማሽ ሴኮንድ ቀድመሽ ከ16.7 ጀምሪ። ንግግሩ ያለቀው 7 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ላይ ሆነ፣ ጭብጨባው ደግሞ እስከ 7 ደቂቃ ከ5 ቀጠለ። ጭብጨባውን ተዪው፣ ለእናትሽ እሱም ዋጋ አለው። 7 ደቂቃ ከ5 ማለት 425 ሴኮንድ ነው፤ ከእሱ 16.7 ሲቀነስ 408.3 ይቀራል። ትእዛዙ እንዲህ ይሆናል፦

```
ffmpeg -ss 16.7 -i sefi.mp4 -t 408.3 -c:v libx264 -crf 20 -c:a aac -b:a 128k -movflags +faststart abate.mp4
```

`-t` ርዝመት ነው፣ የማብቂያ ሰዓት አይደለም። እዚህ ላይ 425 ብትጽፊ ጭብጨባውን አልፎ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ድረስ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ተናጋሪ ወንበር ሲስብ ትሰሚያለሽ። ምልክቱ ይኸው ነው፤ መጨረሻው ላይ የማትፈልጊው ከተጨመረ መጀመሪያ `-t`ን እዪ።

`libx264` የሚለው ምስሉን እንደ አዲስ ይሠራዋል። የመጀመሪያው ምስል ሙሉ ኪፍሬም ሆኖ ስለሚሠራ የቆመ ምስል የሚባል ነገር አይኖርም። እንደገና ሲሠራ ጥራት ጥቂት ይቀንሳል፤ በ`crf 20` ግን በ480 ቪዲዮ ላይ በዓይን የሚለይ አይደለም። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይገዝፋል፤ ከ18 እስከ 23 ባለው መካከል ሁኚ። ላፕቶፕሽ ያረጀ እንኳ ቢሆን ለሰባት ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ አያስጠብቅሽም።

እንደ አዲስ ሳይሠራ እንዳለ መቁረጥ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ክፍሉ ረጅም ሲሆን፣ ወይም ኦሪጅናሉን ለማኅደር ሳይነካ ማቆየት ስትፈልጊ። ያኔ መነሻውን ራስሽ ከመምረጥ ኪፍሬሙ ያለበትን ቦታ ነው የምትከተዪው። ቦታዎቹን ይህ ይዘረዝርልሻል፦

```
ffprobe -v error -select_streams v -skip_frame nokey -show_entries frame=pts_time -of csv=p=0 sefi.mp4
```

ከሚወጡት ቁጥሮች ውስጥ ከሰላምታው ቀድሞ ያለውን ቅርብ ቁጥር ትወስጃለሽ፤ ለምሳሌ 14.8 ካለ ከዚያ ትጀምሪና `-t`ን 410.2 አድርገሽ ከ`-c:v` እስከ `128k` ባለው ፋንታ `-c copy` ትጽፊያለሽ። አባትሽ እስኪጀምሩ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ዝምታ ይኖራል፤ ምንም ጥራት ግን አልጠፋም። በአንቺ ሁኔታ እኔ ብሆን `sefi.mp4`ን እንዳለ አስቀምጬ ለእናቴ የምወስደው በልኩ የተቆረጠውን ነው። ሰፊውን አትሰርዢው። ቻናል ይዘጋል፣ ቪዲዮ ይሰረዛል፣ ባለቤቱም ከመጀመሪያው ላይ ቆርጦ ሊያሳጥረው ይችላል፤ ያኔ የያዝሽው 1:47:20 ሌላ ሰው የሚናገርበት ቦታ ይሆናል።

ወደ ሐይቅ ከመሄድሽ በፊት

`abate.mp4`ን ከፍተሽ የመጀመሪያውን አምስት ሴኮንድ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስሚ፤ ሰላምታው ሙሉ መሆኑን፣ ምስሉም ከመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚንቀሳቀስ መሆኑን አረጋግጪ። ከዚያ ወደ መሐሉ ዝለዪና አፋቸውና ድምፃቸው አብሮ የሚሄድ መሆኑን እዪ። ድምፁ ከአፋቸው የሚቀድም ወይም የሚዘገይ ከሆነ ሌላ ተመሳሳይ ፋይል ክፈቺ፤ እዚያም ከታየ ችግሩ የማጫወቻው ነው። ሌላው ፋይል ደህና ከሆነ `sefi.mp4`ን ፈትሺ፤ እዚያም ካለ ክፍሉን እንደገና ማውረድ ነው ያለብሽ።

ፍላሹ ላይ የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተዪው፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ያሳየዋል ወይም ጭራሽ አይዘረዝረውም። ፍላሹን ከላፕቶፑ ስትነቅዪ «ኢጀክት» ብለሽ ንቀዪ፤ ያለዚያ መጨረሻው ሳይጻፍ ሊቀርና ጭብጨባው ላይ ሊቆም ይችላል። ከተቻለ ደግሞ ደሴ እያለሽ በጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ሞክሪው። ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ደርሰሽ «አይከፍትም» ካለሽ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ካልሆነ የምታስተካክዪበት የለሽም። ላፕቶፑንም ይዘሽ ሂጂ፤ ቴሌቪዥኑ እንቢ ካለ በእሱ ታይዋለች።